ግማሹ ማማሰያ

በኢንስታግራም ብዙ ምስል በአንድ ላይ ሲለጠፍ፣ ተከታይ ምስል መኖሩን የሚናገሩት ከሥር የሚደረደሩት ነጠብጣቦችና ቀኝ ጥግ ላይ ታይቶ የሚጠፋው ቁጥር ናቸው። በጣቱ እየገፋ ለሚያልፍ ሰው ሁለቱም ያንሳሉ። ስለዚህ ምልክቱን የመጀመሪያው ምስል ራሱ መያዝ አለበት።

አንዲት ወዳጄ የሽሮ አሠራር በሰባት ምስል አዘጋጀች። ፊት ላይ የምትንተከተክ ድስትና «ሽሮ እንዳይጓጉል» የሚል ርዕስ ብቻ ነበር። ያየ ሁሉ የአንድ ድስት ፎቶ መስሎት አለፈ፤ ምስጢሩ ግን ሦስተኛው ላይ ነበር።

አብረን አስተካከልነው። ወርዱ 2160፣ ቁመቱ 1350 ፒክስል የሆነ ሸራ ከፍተን የእንጨት ማማሰያውን መሀል ላይ አጋደምነው፤ ከዚያ 1080 ላይ ለሁለት ቆረጥነው። እጀታው በመጀመሪያው ምስል ቀኝ ጠርዝ ተቋርጦ ይቀራል፣ ጭልፋው ሁለተኛው ላይ ይገኛል። ዓይን የተቆረጠ ነገር ሲያይ ቀሪውን ይፈልጋልና፣ ለእኔ ይህ ከማንኛውም ቀስት ይበልጣል።

ከእጀታው በላይ «ያንሸራትቱ» የሚል አጭር ቃልና ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ጨመርን። ጣት ወደ ግራ ቢሄድም ቀጣዩ የሚመጣው ከቀኝ ነው። ቃሉን ከጠርዙ ገባ አድርገን ጻፍነው፤ የገጹ ዝርዝር ላይ ምስሉ ጎንና ጎኑ ስለሚቆረጥ ጠርዝ ላይ የተጣበቀ ጽሑፍ ይጎድላል። ቁጥሩ የሚታይበትን የላይኛውን ቀኝ ጥግም ባዶ ተውነው።

ቀስቱ በስህተት ሰባተኛው ላይም ተቀድቶ ነበር። ተመልካች ገፍቶ ምንም ሳያገኝ እንዳይቀር፣ ከመለጠፋችን በፊት አጠፋነው።