ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?

በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ የሚሰጡት መልሶች መንታ ይመስላሉ። «ሥራዬን ሳልጨርስ ወደ ቤት መሄድ አልችልም።» «ሁሉም ነገር እንከን የለሽ ካልሆነ አልረካም።» ተወዳዳሪው ድክመቱን የተናገረ ይመስለዋል። ጠያቂዎቹ የሚሰሙት ግን ራሱን ሲያሞግስ ነው።

ኦቩል ሴዘር የተባለች ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ተማሪዎች ለሥራ እንደሚወዳደር ሰው ሆነው ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጉራቸውን በትሕትና ሸፍነው ጻፉ። መልሶቹን ያነበቡት ገምጋሚዎች ግን ለመቅጠር ይበልጥ የፈቀዱት እውነተኛ ድክመታቸውን የጻፉትን ነው። ሙከራው በተማሪዎችና በጽሑፍ የተደረገ በመሆኑ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም ብዙዎች እንደ ብልሃት የሚቆጥሩት መንገድ እንደሚታሰበው እንደማያዋጣ ያሳያል።

እውነተኛውን ድክመት ከተሸፈነ ሙገሳ ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ በዚህ ጠባይ ማን ምን አጣ? ጊዜው የባከነበት፣ ሥራው የዘገየበት ወይም የተቸገረ ባልደረባ ከሌለ የተነገረው ድክመት አይደለም። እንከን የለሽነትን መውደድም ቢሆን ሪፖርት አዘግይቶ አለቃን ያሳፈረበት ቀን ካለ እውነተኛ መልስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ያ ቀን ነው።

ለሒሳብ ሠራተኛነት የምትወዳደር አንዲት ወጣት እናስብ። ድክመቷ ሥራ ሲጠምባት ሰው አለመጠየቋ ነው። «ብቻዬን መሥራት እወዳለሁ» ብትል ጠያቂዎቹ ቁም ነገር አያገኙበትም። እንዲህ ብትልስ? «ስቸገር ቶሎ ሰው አልጠይቅም። በቀድሞ ሥራዬ የወሩ መዝጊያ ላይ መዝገባችንና የባንኩ መግለጫ በ3,600 ብር ተለያዩብኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ ሁለት ቀን ብቻዬን ፈለግሁ፤ የክፍሉ ሪፖርትም ዘገየ። በመጨረሻ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ልዩነቱ ለ9 እንደሚካፈል አይታ ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል አለችኝ። እውነትም 7,300 የተከፈለውን 3,700 ብዬ መዝግቤዋለሁ። አሁን አንድ ሰዓት ፈልጌ ካጣሁት እጠይቃለሁ። አዲስ አለቃ ሲሆንብኝ ግን ዛሬም እፈራለሁ።»

ይህን መልስ የሚያሳምነው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ብዙ ተወዳዳሪ ድክመቱን ተናግሮ ወዲያው «አሁን ግን ሙሉ በሙሉ ተላቅቄዋለሁ» ይላል። ጠያቂው ያን ጊዜ ይጠራጠራል፤ የሰው ጠባይ በአንድ ጊዜ አይለወጥማ። ወጣቷ ግን ምን እንደቀየረችና ምን እንደቀራት ለይታ ነገረቻቸው። ስህተቱ ያስከተለውንም አላሳነሰችም።

የተሸመደደ መልስ የሚጋለጠው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። «መቼ ነበር? አለቃሽ ምን አሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቃል በቃል ያጠና ሰው ይደናቀፋል ወይም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይደግማል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ከማጥናት ይልቅ የሆነውን ነገር በሚገባ ማስታወስ ይሻላል፦ ምን ሥራ ነበር፣ ምን ተበላሸ፣ ማን ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ። ለወዳጅ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በተለያየ አነጋገር ማውራት ጥሩ ልምምድ ነው። ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ቢያልቅ መልካም ነው። ከዚያ በላይ ሲረዝም ወደ ኑዛዜ ይሄዳል።

ምሳሌው ከየት ይመጣል ቢባል፣ ቅርቡ ቦታ የቀድሞ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። አለቃ ደጋግሞ የጻፈው አስተያየት ካለ እሱን መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጣሪው ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ደውሎ ቢያጣራ የሚሰማው ከተነገረው ጋር ይገጥማል።

እውነት መናገር ማለት ግን ሁሉን መዘርገፍ አይደለም። የጤና ሁኔታ፣ እርግዝና ወይም የቤተሰብ ችግር የዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም፤ የተጠየቀው የሥራ ጠባይ ነው። ከብዙ ድክመቶች መካከል ለሥራው ዋና ምሰሶ ያልሆነውን መምረጥም ማታለል አይባልም። ገንዘብ ቤት የሚወዳደር ሰው በስብሰባ ላይ መናገር እንደሚከብደው ቢናገር ሥራውን አይነካበትም። ገንዘብ ሲቆጥር ደጋግሞ የሚሳሳት ከሆነ ግን የሚያስተካክለው መልሱን ሳይሆን የሚወዳደርበትን የሥራ መደብ ነው።