ጳጉሜ 5 ላይ የወደቀው ፕሮግራም

«ውድ መምህር፣ ፕሮግራሜ እኔ ባዘጋጀኋቸው ዘጠኝ ቴስቶች ሁሉ አልፏል። እርስዎ ካስቀመጧቸው 15 ድብቅ ቴስቶች ግን ሦስቱን ወድቋል ተብያለሁ። ኮዴን መስመር በመስመር አየሁት፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ምናልባት ቴስቶቹ ላይ ችግር ይኖር ይሆን? እባክዎ አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ።»

ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንግዳ አይሆንበትም። የሚጽፉትም አብዛኛውን ጊዜ ትጉዎቹ ናቸው፤ ሰነፍ ተማሪ መቼ የራሱን ቴስት አዘጋጅቶ! ከላይ ያለው ደብዳቤ ለማስረጃ የተዘጋጀ ነው። አሳይመንቱንና ስህተቱን ግን ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ሞክሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

በመጀመሪያ ድብቅ ቴስት ምን እንደሆነ እንይ። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ኮድ በዓይኑ አንብቦ አይጨርስም። ስለዚህ አራሚ ፕሮግራም ያዘጋጃል። አራሚው ለተማሪው ፕሮግራም አንድ ግብዓት ይሰጠዋል፤ የወጣውን መልስ ቀድሞ ከተመዘገበው ትክክለኛ መልስ ጋር ያስተያያል፤ ከተመሳሰለ ነጥብ ይሰጣል። ከቴስቶቹ ጥቂቶቹ ከአሳይመንቱ ጋር ይታደላሉ፤ የቀሩት አይታዩም። ሁሉም ቢታዩ ጥያቄውን ሳይፈታ መልሶቹን ብቻ እየለቀመ የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላልና።

የተማሪዋ አሳይመንት ቀላል የሚመስል ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንድ ቀን ሲሰጥ የማግስቱን ቀን የሚናገር ፕሮግራም መጻፍ። ወራቱ በቁጥር ይሰጣሉ፤ መስከረም 1፣ ጳጉሜ 13 ነው። የጻፈችው ይህን ነበር፦

```
def next_day(d, m, y):
    if m < 13:
        last = 30
    elif y % 4 == 0:
        last = 6
    else:
        last = 5
    if d < last:
        return d + 1, m, y
    if m < 13:
        return 1, m + 1, y
    return 1, 1, y + 1
```

ኮድ ለማያነብ ሰው ትርጉሙ ይህ ነው። ወሩ ከጳጉሜ በፊት ከሆነ የመጨረሻው ቀን 30 ነው። ጳጉሜ ከሆነ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው 6፣ ካለው 5። ወሩ ካላለቀ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ካለቀ ወደሚቀጥለው ወር፣ ጳጉሜ ካለቀች ወደ አዲሱ ዓመት ይታለፋል።

አወቃቀሩ ንጹሕ ነው፤ ቴስቶቿም የተዝረከረኩ አልነበሩም። ከወር መካከል፣ ከወር መጨረሻ፣ ከጳጉሜም ወስዳለች። እንዲያውም ዘጠኙ ቴስቶች ኮዱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ቢያንስ አንድ ጊዜ አስኪደዋል። ከመካከላቸው ይቺ ነበረች፦

```
assert next_day(5, 13, 2016) == (6, 13, 2016)
```

የጳጉሜ 5 ቀን 2016 ማግስት ጳጉሜ 6 ነው ትላለች። ፕሮግራሙም ይስማማል፤ ቴስቱ ያልፋል። ችግሩ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን አለመኖሩ ነው። በዚያ ዓመት ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ነበረች። ስድስት የሆነችው ከዚያ በፊት በነበረው በ2015 ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? ተማሪዋ የምታውቀው የፈረንጆቹን ሕግ ነው፤ ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል አንድ ቀን ይጨመራል። እ.ኤ.አ. 2024 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረው፤ ያ 29ኛ ቀን በእኛ የካቲት 21 ቀን 2016 ላይ ዋለ። 2016ም ለአራት ይካፈላል። ሁሉም ነገር የተገጣጠመ መሰለ። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ስሌቱን የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ያውቀዋል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለአራት ይካፈላል፤ አንድ ሲቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ሲቀር ማርቆስ፣ ሦስት ሲቀር ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። ለ2015 ድምሩ 7515 ይሆናል፤ ቀሪው ሦስት ነው፤ ሉቃስ። 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ኮዱ ውስጥ መደመሩ አያስፈልግም፤ መስተካከል የነበረበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦

```
    elif y % 4 == 3:
```

መምህሩ ለደብዳቤው መልስ ሲሰጥ ድብቅ ቴስቶቹን አላወጣም፤ ኮዱንም አላረመላትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፦ «ለዘጠኙ ቴስቶች ትክክለኛ ነው ብለሽ የጻፍሽውን መልስ ከየት አገኘሽው?»

መልሱ ከራሷ ነው። ሕጉን በልቧ ይዛ ኮዱን ጻፈች፤ ያንኑ ሕግ ይዛ የሚጠበቀውን መልስ ጻፈች፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያየች። አንዱን ሰዓት ከሌላው ሰዓት ሞልቶ ሁለቱም እኩል መቁጠራቸውን እንደማየት ነው፤ እኩል ይቆጥራሉ፣ ልክ ስለመሆናቸው ግን የተነገረ ነገር የለም። ቴስቷ የመረመረው ኮዱ የእሷን ሐሳብ በትክክል መጻፉን ነበር። ሐሳቧ ትክክል መሆኑን የመረመረ አንድም ቴስት አልነበረም። እያንዳንዱ መስመር መሮጡም ለዚህ አይረዳም፤ የተሳሳተ መስመርም ይሮጣል።

እዚህ ላይ ከመምህሩ ይልቅ ለተማሪዋ የሚያዝን አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ስህተቱ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ተደብቋል። አንድ የአራት ዓመት ዙር 1461 ቀን ነው። ከነዚህ ውስጥ ይህ ፕሮግራም የሚሳሳተው በሁለቱ ቀናት ብቻ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 5 እና በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜ 5። በቀሩት 1459 ቀናት ትክክል ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ብትሰጡት እንኳ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ጳጉሜ በአምስት አልቃለች ብሎ ስለሚያምን ማንኛውንም ከዚያ የበለጠ ቀን ወደ አዲስ ዓመት ይገፋዋል። በተሳሳተ ምክንያት ትክክል መሆን ማለት ይህ ነው። ሃያ ቀን በዕጣ መርጦ የሚሞክር ሰው ከሁለቱ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። መምህሩ ግን በዕጣ አልመረጠም። ሕጉ የሚቀየርበትን ድንበር ያውቃልና ጳጉሜ 5ን ከ2011፣ ከ2015ና ከ2016 ወሰደ። ሦስቱ የወደቁት እነዚህ ናቸው።

ድብቁን ሳታይ ልታገኘው ትችል ነበር? ትችል ነበር፤ መልሱን ከራሷ ውጭ ካለ ምንጭ ብትወስድ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ሌላም መንገድ አለ። የ2015 አዲስ ዓመት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ዋለ፤ የ2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023። በመካከላቸው 366 ቀን አለ። ፕሮግራሙን ከመስከረም 1 ቀን 2015 አስነስታ 366 ጊዜ ብታስኬደው መስከረም 1 ቀን 2016 ላይ መቆም ነበረበት፤ የእሷ ግን መስከረም 2 ላይ ይቆማል። ነገር ግን ይህም ብልሃት አጠቃቀም ይፈልጋል። ከመስከረም 1 ቀን 2013 ተነስታ ሙሉውን 1461 ቀን ብታስኬደው መስከረም 1 ቀን 2017 ላይ ልክ ይደርሳል። የተሳሳተው ሕግም በአራት ዓመት አንድ ቀን ስለሚጨምር ጠቅላላ ድምሩ አይዛባም፤ ቀኑ የገባበት ዓመት ብቻ ነው የተሳሳተው።

ተማሪ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚወድቀው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ገበያ ላይ ያዋለው ዙን የተባለ ሙዚቃ ማጫወቻ ነበረው። ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ባለ 30 ጊጋባይቱ ሞዴል ሲከፈት ደርቆ ቀረ። ምክንያቱ ሰዓቱን የሚቆጣጠረው ኮድ ውስጥ ያለች ይቺ ዙር ነበረች፦

```
while (days > 365) {
    if (IsLeapYear(year)) {
        if (days > 366) {
            days -= 366;
            year += 1;
        }
    } else {
        days -= 365;
        year += 1;
    }
}
```

ዙሩ የተጠራቀሙ ቀናትን በየዓመቱ እየቀነሰ ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ያሰላል። 2008 ባለ 366 ቀን ዓመት ነበር፤ ዲሴምበር 31 ደግሞ 366ኛው ቀን ነው። 366 ከ365 ይበልጣልና ዙሩ አይቆምም፤ ከ366 አይበልጥምና ምንም አይቀነስም። ማሽኑ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ይኖራል። ባለቤቶቹ የተሰጣቸው ምክር ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቀው በማግስቱ እንደገና እንዲከፍቱት ነበር። ዕቃው ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት ሲያልቅ የመጀመሪያው ነበር። እዚህ ድብቁን ቴስት ያወጣው የቀን መቁጠሪያው ራሱ ነው።

«እንግዲያው ጓደኛዬ ቴስት ይጻፍልኝ» የሚል ተማሪ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሌላ ሰው ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ጆን ናይት እና ናንሲ ሌቭሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ በቨርጂኒያና በካሊፎርኒያ ኧርቫይን ዩኒቨርሲቲዎች 27 ፕሮግራመሮች አንድን ጥያቄ ሳይመካከሩ ፈትተው ነበር። ፕሮግራሞቹ በአንድ ሚሊዮን ግብዓቶች ሲፈተኑ፣ በአንድ ግብዓት ላይ አብረው የሚወድቁት በአጋጣሚ ብቻ ከሚጠበቀው እጅግ የበለጡ ሆነው ተገኙ። ከባዱ ቦታ ለሁሉም ከባድ ነው። አንድ ክፍል የተማሩ ሁለት ልጆች ደግሞ የፈረንጆቹን ሕግ ሁለቱም ሊይዙ ይችላሉ።

መምህሩስ አይሳሳትም? ይሳሳታል። አሳይመንቱ ስለሌለ ቀን ምንም ሳይል ድብቁ ቴስት ጳጉሜ 7ን ሰጥቶ አንድ የተለየ መልስ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። የወደቁት ቴስቶች ብዛትም ፍንጭ ይሰጣል። ሁሉም ከወደቁ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሒሳቡ ሳይሆን የመልሱ አቀራረብ ነው፤ ፕሮግራሙ «ቀን አስገባ» የሚል ጽሑፍ ያትምና አራሚው እሱንም የመልሱ ክፍል አድርጎ ይቆጥረዋል። ከብዙ ጥቂቶች ብቻ ሲወድቁ ግን፣ እንደዚች ተማሪ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠርዝ ላይ ያለ የተሳሳተ እምነት ነው።

ስለዚህ ቅሬታ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ «የእኔ ሁሉም ያልፋሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተዉት፤ ለመምህሩ ምንም አይነግረውም። በምትኩ አራት ነገር ጻፉለት፦ የሰጣችሁትን ግብዓት፣ ፕሮግራሙ የመለሰውን፣ እናንተ የጠበቃችሁትን፣ የጠበቃችሁትንም ከየትኛው ምንጭ እንዳገኛችሁት። አራተኛውን መስመር ለመሙላት ስትነሱ ደብዳቤውን መላክ ሳያስፈልጋችሁ ይቀር ይሆናል።