አንድ ሽቦ ሁለት ቁጥር አይይዝም

ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሥዕሉንም የሣልኩት በእጄ ነው። በአግድም በተሰመረ አንድ መስመር ላይ ሦስት ሬዚስተሮች ተሰልፈዋል፦ ከግራ 20 ኦም፣ መሃል 30 ኦም፣ በስተቀኝ 60 ኦም። የመስመሩን የግራ ጫፍ ሀ እንበለው። በ20ውና በ30ው መካከል ያለው ነጥብ ለ፣ በ30ውና በ60ው መካከል ያለው ሐ፣ የቀኙ ጫፍ ደግሞ መ ይሁን። ከሀ የተነሣ ሽቦ ወደ ላይ ጎብጦ ይሄድና ሐ ላይ ያርፋል። ከለ የተነሣ ሌላ ሽቦም እንዲሁ ጎብጦ መ ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ሽቦዎች ከ30ው አናት ላይ ይተላለፋሉ። ከታች ባለ 6 ቮልት ባትሪ አለ፤ ረጅሙ ሰረዝ፣ ማለትም ፖዘቲቩ፣ ከሀ ጋር ይያያዛል፤ አጭሩ ከመ ጋር። ጥያቄው አጭር ነበር፦ የሰርኪዩቱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ ስንት ነው?

አንባቢዬ ከመቀጠሉ በፊት ሥዕሉን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቢሥለው ጥሩ ነው። ካልሣለው የሚከተለው ሁሉ እንደ ተረት ይሆንበታል።

ሳርም ሦስት ዓይነት መልስ መጣልኝ። ብዙዎቹ 110 ኦም አሉ። ጥቂቶች 10 ኦም ጻፉ። ሁለት ተማሪዎች ደግሞ ዜሮ ብለው አጠገቡ «ኮንታት ነው» የሚል ማስታወሻ አክለዋል። አንዱ መልስ ትክክል ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከስንፍና የመጡ አይደሉም። እያንዳንዱ ሥዕሉን በአንድ መንገድ አንብቦ፣ ያነበበውን በትክክል አስልቷል።

110 ያለው ተማሪ ያየው ሰልፉን ነው። ሦስት ሬዚስተሮች በአንድ መስመር ከተደረደሩ ዓይን «ሲሪስ» ይላል፤ እጅም 20፣ 30 እና 60ን ይደምራል። ነገር ግን ሲሪስ የአሰላለፍ ስም አይደለም። ሁለት ሬዚስተሮች በሲሪስ ናቸው የሚባለው ከአንዱ የወጣው ከረንት ሌላ መውጫ ሳያገኝ በሙሉ ወደ ሌላው ሲገባ ብቻ ነው። በመካከላቸው ሦስተኛ ሽቦ ከተነካካ ነገሩ ያበቃል። በእኛ ሥዕል ለ ላይ አንድ ሽቦ ተሰክቷል፣ ሐ ላይም እንዲሁ። ስለዚህ እዚህ ሥዕል ውስጥ በሲሪስ የተያያዘ አንድም ጥንድ የለም። ፓራለልም ቢሆን ጎን ለጎን መሣል አይደለም፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች በሁለቱም ጫፎቻቸው ከተመሳሳይ ሁለት ነጥቦች ጋር መያያዛቸው ነው። አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ ቢሣሉም ፓራለል ናቸው።

ዜሮ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ሽቦዎቹ የሚተላለፉበትን ቦታ እንደ መገናኛ አነበቡት። እዚያ ላይ ሽቦዎቹ ከተገናኙ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ሁሉም አንድ ነጥብ ይሆናሉ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቩ ባዶ ሽቦ ይዘረጋል፤ ያ በእርግጥም ኮንታት ነው። በሰርኪዩት ሥዕል ደንብ ሁለት መስመሮች ተገናኝተዋል የሚባለው የተሞላ ነጥብ ሲኖር ነው፤ ነጥብ ከሌለ አንዱ በሌላው ላይ አልፎ ሄደ እንጂ አልተነካኩም። እኔም ነጥብ ያደረግሁት ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ላይ ብቻ ነበር። ታዲያ ልጆቹ ወረቀታቸውን ይዘው መጡና አንደኛው ጣቱን መተላለፊያው ላይ አሳርፎ «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። የፎቶኮፒ ማሽኑ ጉድፍ ነበር። ልክ መተላለፊያው ላይ፣ ልክ የነጥብ ያህል። የሁለቱን ልጆች ማርክ መለስኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥንቁቅ ሠዓሊዎች አራት ክንድ ያለው መገናኛ ጨርሶ አይሥሉም፤ አራት ሽቦ ማገናኘት ሲፈልጉ ሁለቱን ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ሁለት ባለሦስት ክንድ መገናኛ ያደርጉታል። እንዲህ ከሆነ መስቀል የሠራ መስመር ሁልጊዜ መተላለፊያ ነው፤ ጉድፍም ቢያርፍበት አያታልልም። ሽቦው ሽቦን ሲዘል ትንሽ ጉብታ አድርጎ መሣልም ያው ነገር ነው።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። የሚያስፈልገው እርሳስ ብቻ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥተን በሽቦው ላይ እንሄዳለን፤ ሬዚስተር እስኪያጋጥመን ድረስ የነካነው ሽቦ ሁሉ አንድ ፊደል ይሰጠዋል። ፊደሉ «ሀ» ይሁን። ከባትሪው ወደ ነጥብ ሀ፣ ከዚያ በላይኛው ሽቦ ወደ ሐ እንደርሳለን፤ በመንገዱ ሬዚስተር ስላልነበረ ሐም «ሀ» ይሆናል። ከኔጋቲቩ ተነሥተን ደግሞ «መ» እያልን እንሄዳለን፤ ነጥብ መ፣ ከዚያ በሌላኛው ሽቦ ነጥብ ለ። አለቀ። አራት የሚመስሉት ነጥቦች ሁለት ሆኑ። ቀጥሎ በየሬዚስተሩ ግራና ቀኝ ያለውን ፊደል እናንብብ፦ 20ው ሀ እና መ፣ 30ው መ እና ሀ፣ 60ው ሀ እና መ። ሦስቱም ከሁለቱ ነጥቦች መካከል ተወጥረዋል፤ ሦስቱም ፓራለል ናቸው። እንግዲህ

1/20 + 1/30 + 1/60 = 3/60 + 2/60 + 1/60 = 6/60 = 1/10

ይሆንና ሲገለበጥ 10 ኦም ይመጣል። መገልበጡን የሚረሳ ተማሪ 0.1 ይጽፋል። «የፓራለል ድምር ከትንሹ ሬዚስተር ያንሳል» የሚለው የታወቀ ማጣሪያ ይህንን አይዘውም፤ 0.1 ከ20 ያንሳልና። ማጣሪያው ሌላ ግማሽ አለው፤ ሬዚስተሮቹ ሦስት ከሆኑ ድምሩ ከትንሹ ሲሶ በታች ሊወርድ አይችልም። የ20 ሲሶ 6.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ መልሱ በ6.7 እና በ20 መካከል መሆን አለበት፤ 10 ያልፋል፣ 0.1 ይወድቃል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ መምህራን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ለተማሪ በግማሹ ብቻ የምንነግረው ነገር አለ። «መልስህን አረጋግጥ» እንላለን፤ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁን የኪርሾፍን ሕጎች እንጠቅሳለን። ጉስታቭ ኪርሾፍ እነዚህን ሁለት ሕጎች ያወጣቸው በ1845 እ.ኤ.አ.፣ ገና የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። አንደኛው፣ ወደ መገናኛ የገባ ከረንት ሁሉ ይወጣል ይላል፤ ሁለተኛው፣ አንድን ዙር ዞረን ስንመለስ የቮልቴጁ ከፍታና ዝቅታ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል ይላል። እስቲ በዚህ 110 ያለውን ልጅ እንፈትነው። 6 ቮልት ለ110 ኦም ሲካፈል 0.0545 አምፒር ግድም ነው። ይህ ከረንት በ20ው ላይ 1.09 ቮልት፣ በ30ው 1.64፣ በ60ው 3.27 ይጥላል። ሲደመር ልክ 6 ቮልት! ሕጉ ተሟልቷል። ልጁ አረጋግጧል፣ መልሱ ግን ስሕተት ነው።

ምን ተፈጠረ? ያረጋገጠው በአእምሮው የሣለውን ሰርኪዩት እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። ሁለቱን ጎባጣ ሽቦዎች ዘንግቶ ያሰላው ስሌት በራሱ ውስጥ ፍጹም ነው። የተሳሳተ ንባብ ላይ የተሠራ ትክክለኛ ስሌት ምንም ያህል ቢደጋገም ራሱን አያጋልጥም።

ስለዚህ ማረጋገጫው ወደ መጀመሪያው ሥዕል መመለስ አለበት፤ ልፍታው ብሎ በጎን ወደ ሣለው ንጹሕ ሥዕል ሳይሆን፣ ፈተናው ላይ ወዳለው ወደዚያ ውጥንቅጥ። የተገኘውን ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ በእርሳስ እንጻፍ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ዜሮ ብለን ከጀመርን፣ በ110 መልስ መሠረት ሀ 6 ቮልት ነው፣ ለ 4.91፣ ሐ 3.27፣ መ 0። አሁን ሽቦዎቹን በጣት እንከተል። ከሀ ወደ ሐ የሚሄደው ሽቦ በአንድ ጫፉ 6፣ በሌላው 3.27 ተጽፎበታል። በመካከሉ ሬዚስተር የለም፤ በፈተና ሥዕል ውስጥ ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ የለውም ስለሚባል፣ አንድ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቮልቴጅ ብቻ ነው የሚይዘው። ከለ ወደ መ ያለውም እንዲሁ 4.91 እና 0 ይዟል። ስሕተቱ ያለ አንዳች ተጨማሪ ስሌት ተጋለጠ።

10 ኦም የሚለውን መልስ በዚሁ መንገድ እንየው። ሀ እና ሐ 6 ቮልት፣ ለ እና መ 0። ሽቦዎቹ ሁለቱም ተስማሙ። በየሬዚስተሩ 6 ቮልት ስለሚያርፍ በ20ው 0.3፣ በ30ው 0.2፣ በ60ው 0.1 አምፒር ያልፋል፤ በድምሩ 0.6፤ ያም 6 ቮልት ለ10 ኦም ሲካፈል የሚገኘው ነው። ግን በድምሩ ብቻ አልረካም፤ መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ማየት ደስ ይላል። ከባትሪው 0.6 ወደ ሀ ይገባል። ግማሹ፣ 0.3፣ በ20ው ይሄዳል፤ ግማሹ በላይኛው ሽቦ ዘልሎ ሐ ላይ ይወርዳል። ሐ ላይ ያ 0.3 ለሁለት ይከፈላል፦ 0.1 ወደ ቀኝ በ60ው፣ 0.2 ወደ ግራ በ30ው። አዎ፣ ወደ ግራ። የመሃሉ ሬዚስተር ከረንት ከጎረቤቶቹ በተቃራኒ ይፈስሳል፤ ሦስቱ «በሰልፍ» ናቸው ብሎ ላመነ ሰው ይህ ሊታሰብ እንኳ አይችልም። ለ ላይ ከግራ የመጣው 0.3 እና ከቀኝ የመጣው 0.2 ተገናኝተው 0.5 ሆነው በሽቦው ወደ መ ያልፋሉ፤ መ ላይ 0.1ዱ ይጨመርና 0.6 ወደ ባትሪው ይመለሳል።

በሽቦዎቹ ላይ የሚያልፈው 0.3 እና 0.5 አምፒር መልሱ ውስጥ የትም አይታይም። ጠቅላላ ሬዚስታንስን ብቻ ያሰላ ሰው አያገኛቸውም። ለዚህም ነው ከረንቱን በመጀመሪያው ሥዕል ላይ መጻፍ የሚያዋጣው፤ ሽቦዎቹ ሥራ እንዳላቸው ያሳያል።

የፊደሉ ዘዴ ወሰን አለው። አንዳንድ ሰርኪዩት ፊደል ሰጥተን ስንጨርስ ተመሳሳይ ጥንድ የያዙ ሁለት ሬዚስተሮች አይገኙበትም፤ ሁለት ሬዚስተሮች ብቻቸውን የሚነካኩበት ነጥብም አይኖርም። ሬዚስተሮቹ ካልተመጣጠኑ የዊትስቶን ድልድይ የሚባለው እንዲህ ነው። ይህ ሲያጋጥም ዘዴው አልተበላሸም፤ ሰርኪዩቱ በሲሪስና በፓራለል ብቻ እንደማይፈታ እየነገረን ነው፤ ያን ጊዜ የኪርሾፍን እኩልታዎች መጻፍ ግድ ይሆናል።

በማግስቱ ሰርኪዩቱን ክፍል ውስጥ ሠራነው። 60 ኦም አልነበረንም፤ ሁለት 30ዎችን በሲሪስ አያያዝን። ባትሪውን ግን አላስገባንም። በ20ው ላይ 6 ቮልት ቢያርፍ 1.8 ዋት ያቃጥላል፤ በእጃችን ያሉት ሬዚስተሮች ደግሞ የሩብ ዋት ናቸው፤ በቅጽበት ይጨሳሉ። የፈተና ወረቀት ይህን አይጠይቅም። በሬዚስታንስ መለኪያው ብቻ በሀ እና በመ መካከል ለካን። መጀመሪያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካናቸው፤ 0.2 አሳየ፤ ያ የገመዶቹ የራሳቸው ነው። ከዚያ ሰርኪዩቱ ላይ አሳረፍናቸው፤ 10.3። ሲቀነስ 10.1። 110 ጽፎ የነበረው ልጅ ከሀ ወደ ሐ የሄደውን ሽቦ ነቀለና እንደገና ለካ። 20.2 ወጣ። ዝም ብሎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ፊደሎቹን እንደገና መጻፍ ጀመረ። በዚህ ጊዜ 30ው እና 60ው የት ሄዱ ብዬ ብጠይቀው፣ ቀና ሳይል «ሁለቱም ጫፋቸው መ ነው» አለኝ።