ጥላ ተብሎ የተቀባ ፊት

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ ከደንበኛው የሚሰማው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «እንደ ፊልም አድርግልኝ»። ነገሩን ቀረብ ብሎ የሚያውቅ ደንበኛ ደግሞ «ቲል ኤንድ ኦሬንጅ ይሁን» ወይም «ቀለሙን ቀነስ አድርገው» ይላል። ባለሙያው በዚያው ስም የተዘጋጀ ማስተካከያ ፈልጎ ይጭናል። ወዲያው የሙሽራዋ ፊት አመድ የነካው ይመስላል፤ ነጩ የሐበሻ ቀሚሷም እጥፋቱ ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ካሜራው አልተበላሸም፣ መብራቱም አልጎደለም። ደንበኛው የተናገረውንና መሣሪያው የተረዳውን የሚለያይ ነገር አለ፤ ልዩነቱም በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ቲል ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ በቀለም ክብ ላይ ከብርቱካናማ ትይዩ ይቀመጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጎላል። የሰው ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ ወይም ነጭ፣ ከብርቱካናማ ወገን ስለሆነ ጀርባው ወደ ቲል ሲገፋ ፊት ከምስሉ ብድግ ብሎ ይወጣል። የዘዴው ዓላማ ይኸው ነው፤ ፊትን ማውጣት።

አሁን ሁለት ፊቶችን በቁጥር እንያቸው። ዲጂታል ምስል እያንዳንዱን ነጥብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ይመዘግበዋል፤ ልኩም ከ0 እስከ 255 ነው። አንድ ጠይም ጉንጭ 96፣ 64፣ 48 ሊሆን ይችላል። አንድ ነጣ ያለ ጉንጭ ደግሞ 216፣ 144፣ 108። በብርሃን መጠን እጅግ ይራራቃሉ፤ በቀለም ዓይነት ግን ፍጹም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በቀለም ክብ ላይ 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይውላሉ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቬክተርስኮፕ የተባለው መለኪያ ላይ ለቆዳ አንድ መስመር ብቻ የተሰመረውም በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ ከመሃል ተነስቶ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በቀይና በቢጫ መካከል ነው። በደህና ብርሃን የተቀረጸ ጤናማ ፊት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከዚያ መስመር ብዙም አይርቅም።

ብዙዎቹ ዝግጁ ማስተካከያዎች ግን ምስሉን የሚከፍሉት በቀለም ዓይነት ሳይሆን በብርሃን መጠን ነው። ጨለም ያለውን ክፍል ወደ ቲል፣ ደመቅ ያለውን ወደ ብርቱካናማ ይገፉታል። ይህ አከፋፈል ፊት ሁልጊዜ ከደማቁ ወገን ይገኛል የሚል ግምት በውስጡ አለ። 216 ላይ ያለው ጉንጭ ከደማቁ ስለሚመደብ ይተርፋል፤ እንዲያውም ይሞቃል። 96 ላይ ያለው ጉንጭ ግን ጥላ ተብሎ ይቀባል። ማስተካከያው ከጨለማው ክፍል ቀዩን በ16 ቀንሶ፣ አረንጓዴውን በ6፣ ሰማያዊውን በ14 ይጨምራል እንበል። ጠይሙ ጉንጭ 80፣ 70፣ 62 ይሆናል። በቀይና በሰማያዊ መካከል የነበረው የ48 ልዩነት ወደ 18 ወርዷል ማለት ነው፤ የቆዳው ሙቀት ያለው ደግሞ እዚያ ልዩነት ውስጥ ነበር። ፊትን ለማውጣት የተፈለሰፈ ዘዴ ፊትን ከጀርባው ጋር አዋሕዶ ቁጭ አለ። ለእኔ ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ በግልጽ ሊታረም የሚገባው የአሠራር ጉድለት ነው።

እነዚህ ማስተካከያዎች በብዛት የሚመጡት ላት በሚባል ፋይል፣ ስሙ በ.cube በሚያልቅ ሠንጠረዥ ነው። ላት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ቀለም ሲገባ ያኛው ይውጣ። ቀለሙ የፊት ይሁን የግድግዳ፣ የምስሉ መሃል ላይ ይሁን ጥግ ላይ፣ አያውቅም። በተጨማሪ ብዙዎቹ የተሠሩት ሎግ ለሚባለው፣ ሲታይ የደበዘዘና ግራጫ ለሚመስለው የካሜራ ቀረጻ ነው። አስቀድሞ ደምቆ በወጣ የስልክ ቪዲዮ ላይ ሲጫኑ ንፅፅሩ ይደራረብና ጥቁሩ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ ጠይም ፊትም አብሮ ወደ ጥላው ይሰምጣል።

መፍትሔው ምስሉን በብርሃን ሳይሆን በቀለም ዓይነት መክፈል ነው። በ2000 የወጣው የኮኤን ወንድማማቾች ፊልም «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀረጻው የተካሄደው በበጋ፣ ሚሲሲፒ በልምላሜ በተሸፈነችበት ወቅት ነበር፤ ታሪኩ ግን የደረቀና አቧራ የለበሰ አገር ይፈልጋል። ሲኒማቶግራፈሩ ሮጀር ዲኪንስ ፊልሙን ወደ ዲጂታል አስገልብጦ አረንጓዴውን ለይቶ ወደ ደረቅ ቢጫ አዞረው።

ዛሬ ይህንኑ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ Hue vs Hue በተባለው መስመር መሥራት ይቻላል። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ወደ ቲል ማዞር፣ ብርቱካናማው ያለበትን ክፍል ጨርሶ አለመንካት ነው። ጠይሙ ጉንጭ 96፣ 64፣ 48 እንደሆነ ይቀራል። ጥላው ላይ ቲል የግድ ከተፈለገ ደግሞ በመጀመሪያ ፊቱን በQualifier መርጦ ከለውጡ ማስወጣት ይገባል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። የጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት በር፣ መሶብ፣ ጀበና ሁሉም ከቆዳ ጋር አንድ የቀለም ወገን ስለሆኑ አብረው ይመረጣሉ። ስለዚህ በምርጫው ላይ ፊቱን የሚከብና ሰውየው ሲንቀሳቀስ የሚከተል ክብ መጨመር ያስፈልጋል። ለነጩ ቀሚስና ነጠላ ደግሞ መለኪያው ቀላል ነው፤ ነጭ ነገር በቬክተርስኮፑ መሃል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ጎን ከሸሸ ተቀብቷል።

«ቀለሙን ቀንሰው» የሚለው ትእዛዝም ሁለት ትርጉም አለው። ሶፍትዌሩ Saturation የሚለውን ቁጥር ማውረድ አድርጎ ይረዳዋል። በሪዞልቭ 50 ላይ የነበረው 25 ሲሆን ጠይሙ ጉንጭ ወደ 83፣ 67፣ 59 ይጠጋል፤ ብርሃኑ አልተለወጠም፣ ቀለሙ ብቻ ታጥቦ ሳስቷል። ሰው በዓይነ ኅሊናው የያዘው የፊልም መልክ ግን ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪ የመጣ ነው። ፊልም ሲታጠብ ብሩን የሚያስወግደው ደረጃ ከተዘለለ ብሩ ከቀለሙ ጋር ይቀራል፤ በባለቀለሙ ምስል ላይ ጥቁርና ነጭ ምስል እንደተደረበ ይሆናል። ቀለሙ ይቀንሳል፣ ንፅፅሩ ግን ይጨምራል፣ ጥቁሩም ይጠልቃል። ያኑሽ ካሚንስኪ በ1998ቱ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ላይ ብሩን በከፊል የሚያስቀር ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል። ቁጥሩን ብቻ ያወረደ ሰው ይህን መልክ አያገኝም። ንፅፅሩን የጨመረ ደግሞ ጠይም ፊትን የበለጠ እንዳያጨልም ቀድሞ የፊቱን ብርሃን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል፤ የሚበጀው ግን ቀረጻው ላይ ለፊቱ በቂ መብራት መስጠት ነው።

በጽሑፍ ታዘው ምስል የሚሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደግሞ ቃሉን የሚያውቁት አብረውት ከታዩ ምስሎች ነው። «ቲል ኤንድ ኦሬንጅ» ሲባሉ ቀለሙን ማዞር ብቻ ሳይሆን ያልተጠየቀ የፀሐይ መጥለቂያ ወይም በዝናብ የረጠበ የከተማ መንገድ ሊያመጡ ይችላሉ። ለእነሱ ስሙን ከመጥራት የሚፈለገውን ዘርዝሮ መንገር ይሻላል፤ ሰማዩና ቅጠሉ ወደ ቲል ያድላ፣ የፊቱ ቡናማ ሙቀቱን እንደያዘ ይቆይ፣ ነጠላው ነጭ ይሁን። ለሠርግ ቪዲዮ ባለሙያም የሚሰጠው ትእዛዝ ይኸው ቢሆን፣ ከአንዲት አጭር ስም ይልቅ የትኛው ነገር እንደሚለወጥና የትኛው እንደማይነካ ከሥራው በፊት ይታወቃል።