«በጣም አልስማማም» ሲባል ምን ማለት ነው?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመምህራንን የሥራ ተነሳሽነት ላጥና ብሎ የተነሳ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እናስብ። መጠይቁን ከባዶ አይጀምርም፤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንዱን ፈልጎ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

ተነሳሽነት የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። ትርጉሙ ስህተት የለበትም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ጣዕም አለው፤ «በራሱ ተነሳሽነት ይሠራል» የሚባለው የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ነው። «የሥራ ተነሳሽነቴ ከፍተኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የቀረበለት መምህር ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ ትጋቱ የተጠየቀ ይመስለዋል። በገዛ እጁ ለራሱ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ ማን ነው? ሁሉም 4 ወይም 5 ላይ ያከብባል፤ ጥያቄውም አንዱን መምህር ከሌላው ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ቃሉን ትቶ ቃሉ የሚያመለክተውን ኑሮ መጠየቅ ይሻላል፦ «ባለፉት አራት ሳምንታት ክፍል ለመግባት የጓጓሁባቸው ቀናት ይበዛሉ»፣ «ተመሳሳይ ደመወዝ ያለው ሌላ ሥራ ባገኝ ማስተማሩን እተዋለሁ»።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር ነው። «ደመወዜና ትራንስፖርቱ ያረኩኛል» የሚል ጥያቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግሩ ለሚሄድ መምህርም፣ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ እየቀያየረ ለሚመጣም ይደርሳል። የመጀመሪያው በደመወዙ፣ ሁለተኛው በመንገዱ ተማርረው ሁለቱም 2 ላይ ያከብባሉ። አጥኚው እጅ ላይ የቀረው 2 የትኛው ምሬት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ከ1 እስከ 5 ያለውን የመስማማት መለኪያ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሬንሲስ ላይከርት ነው፤ ጽሑፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር። አማርኛው ላይ መለኪያው አንድ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ብዙ መጠይቆች ታችኛውን ጫፍ «በጣም አልስማማም» ይሉታል። አንድ ሰው «ቡና በጣም አልወድም» ቢል ቡና ይጠላል ማለት ነው ወይስ ይጠጣል፣ ግን እንደዚያ አይሞትለትም? በሁለተኛው መንገድ ላነበበው መምህር 1 ከ2 የለዘበ ተቃውሞ ሆኖ አረፈው፤ መሰላሉ ታች ላይ ተገለበጠ። «ፈጽሞ አልስማማም» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይዘጋዋል። መሐል ላይ ለሚቀመጠው 3ም «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት አይመቸኝም፤ መምህሩ ስለ ደመወዙ እርግጠኛ ነው። «እስማማለሁም አልስማማምም ለማለት ይቸግረኛል» ረዘም ቢልም የታሰበውን ይናገራል።

አፍራሽ ጥያቄም እንዲሁ ነው። እኛ «አልበላህም?» ሲሉን «አዎ» እንላለን፤ አልበላሁም ማለታችን ነው። «ርዕሰ መምህሩ ጥረቴን አያደንቅም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ ግን ሁለት አሉታ ማጋጨት ስለሆነ እስክሪብቶው መንገድ ይስታል። «እዚህ ትምህርት ቤት ጥረቴ ተረስቶ ይቀራል» ብንል ሐሳቡ ሳይለወጥ አሉታው ይጠፋል። ይህ ጥያቄ በተቃራኒው ስለሚቆጠር ነጥቡ ከ6 ላይ ይቀነሳል፤ 2 ያከበበ 4 ያገኛል።

ሙከራው ሁለት ደረጃ ቢኖረው ጥሩ ነው። መጀመሪያ ከአምስት መምህራን ጋር አንድ በአንድ ተቀምጦ እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው እንዲያነቡና የገባቸውን በራሳቸው አባባል እንዲመልሱት ማድረግ ነው። ያኔ እስክሪብቶ አየር ላይ የቆመበትን ቦታ ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ዋናው ጥናት የማይነካቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ለምሳሌ ጎረቤት ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሠላሳ ያህል መምህራን ይሞሉታል።

ከዚያ የክሮንባክ አልፋ ይሰላል፤ ስለ አንድ ጉዳይ የቀረቡ ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ከ0.70 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። እንበልና ስለ ዕውቅና የቀረቡት አምስት ጥያቄዎች 0.48 ሰጡ። SPSS ላይ `Cronbach's Alpha if Item Deleted` የሚለውን ዓምድ ሲያዩት አንዷ ጥያቄ ብትወጣ ቁጥሩ ዘሎ ይወጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ጥያቄዋን ይሰርዛል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ጥያቄዋ «ተረስቶ ይቀራል» የምትለው መሆኗና ነጥቧ ሳይገለበጥ መግባቱ ነው።

አልፋ ከፍ ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወረቀቱን ያደለውና የሰበሰበው ርዕሰ መምህሩ ራሱ ከሆነ ስለ አስተዳደሩ የቀረቡት ጥያቄዎች በሙሉ 4 እና 5 ሆነው ሊመለሱ ይችላሉ፤ አልፋውም አብሮ ሊያምር ይችላል። ስለዚህ አጥኚው ስም የማይጻፍበትን ቅጽ ከፖስታ ጋር በእጁ ያድላል፤ የታሸገውንም ራሱ ተመልሶ ይሰበስባል፣ ለዚያ ሲል ወደ ቃሊቲ ሁለት ጊዜ ቢመላለስም።