የአንድ ባንክ አምስት ወንበሮች

ባለፈው ኅዳር አንዲት የዘመድ ልጅ ሲቪዋን በፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። በአንድ የግል ባንክ ውስጥ 11 ዓመት ሠርታለች፤ አሁን የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናት። ሌላ ባንክ ያወጣውን ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋ ሁለት ጊዜ አመልክታለች። «ጋሼ፣ ለፈተና እንኳን አልጠሩኝም» አለችኝ። እኔ ብዙ ዓመት በሰው ኃይል ክፍል ማመልከቻ ሳጣራ ስለኖርኩ ወረቀቱን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

የሥራ ልምዷ በአንድ መስመር አልቋል። ሲቪውን በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ከ2015 እስከ አሁን፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ» ይላል። ከሥሩ 16 ተግባራት ተደርድረዋል። ጥሬ ገንዘብ መቀበልና መክፈል፣ ሂሳብ መክፈት፣ የደንበኞችን ፊርማ ማመሳከር፣ ካዝና መዝጋት፣ ሠራተኞችን መመደብ፣ የቅርንጫፉን ዓመታዊ ዕቅድ ማዘጋጀት፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

እኔ የማውቃት ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ የለችም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ በጀማሪነት ገብታ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ከዚያ ሌሎችን እየተቆጣጠረች አሁን ካለችበት የደረሰችው በአምስት ወንበር ነው። ሲቪው አምስቱን አንድ አድርጓቸዋል። ማመልከቻ የሚያጣራ ሰው ይህን ሲያይ ከሁለት ነገር አንዱን ያስባል፤ ወይ ቅርንጫፉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ገንዘብ ትቆጥራለች፣ ወይ አመልካቿ ማዕረጓን ወደ ኋላ ጎትታ 11 ዓመቱን በሙሉ አልብሳዋለች። ሁለተኛው ጥርጣሬ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከሲቪው ጋር ከሚያያዘው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ደብዳቤዋን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ባንኩ የጻፈላት ሦስት መስመር ናት፦ ከኅዳር 2007 ዓ.ም ጀምሮ በባንካችን በማገልገል ላይ የሚገኙ ሲሆን በአሁኑ ጊዜ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነው እየሠሩ ነው። ውሸት የለበትም፤ ግን መቼ ምን እንደነበረች አይናገርም።

ይህ ለምን እንደጎዳት የክፍት ቦታው ማስታወቂያ ይነግረናል። 10 ዓመት የባንክ ሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ «ከዚህ ውስጥ 4 ዓመት በኃላፊነት ደረጃ» ይላል። አገራችን ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው ሁሉ «ከዚህ ውስጥ» የምትለውን ሐረግ ያውቃታል። አጣሪው ጠቅላላውን ዘመን ከቆጠረ በኋላ የኃላፊነቱን ለብቻ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደግሞ በቀን በተደገፈ ወረቀት እንጂ በግምት አይደለም።

እሷ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው የካቲት 2016 ነው። እስከ ኅዳር 2018 ብንቆጥር 1 ዓመት ከ9 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ሰው ታስተዳድር ነበር፣ የሥራ አፈጻጸም ትሞላ ነበር። ከዚያ ከተቆጠረ 4 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። የሚፈለገውን ታሟላለች፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪነቷ በሲቪውም በደብዳቤውም አልተጻፈም። ማንም ሊቆጥርላት አይችልም ነበር።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር አለ። ደብዳቤው ኅዳር 2007 ሲል ሲቪው 2015 ይላል። እሷ በ2007 ላይ 8 ደምራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚጨመረው 7 ነው፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ከገቡ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ነው 8 የሚሆነው። ስለዚህ ኅዳር 2007 ማለት ኖቬምበር 2014 ነው። በአንድ አኃዝ ስህተት ከገዛ አገልግሎቷ ላይ ቆርጣለች፣ ሁለቱ ወረቀቶችም እንዳይስማሙ አድርጋለች። ወሩን ሳይጽፉ ዓመቱን ብቻ መጻፍ ይህንኑ ስህተት ይሸፍነዋል፤ ለዚህ ነው ወር ሁልጊዜ ይጻፍ የምለው።

እንግዲህ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። በመጀመሪያ ያሰበችው አምስቱን ወንበር እንደ አምስት የተለያየ ሥራ፣ የባንኩን ስም አምስት ጊዜ እየደጋገመች ማስቀመጥ ነበር። እንደዚያ አይደረግም። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ለአፍታ የሚያሳርፍ ሰው በየሁለት ዓመቱ ሥራ የምትቀይር ሰው ያያል፤ በአንድ ቤት መቆየቷ፣ ትልቁ ጥንካሬዋ፣ ይበተናል። የባንኩ ስም አንድ ጊዜ፣ ከጠቅላላው ዘመን ጋር ከላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ወንበሮቹ ከአሁኑ ወደ ኋላ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የደረስንበት ይህን ይመስላል፤ ለአንባቢ እንዲመች በእኛ አቆጣጠር አስቀምጬዋለሁ፦

የባንኩ ስም፣ አዲስ አበባ፣ ከኅዳር 2007 እስከ አሁን

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ከየካቲት 2016 እስከ አሁን
14 ሠራተኞች ያሉትን ቅርንጫፍ ትመራለች። የቅርንጫፉን ዕቅድና በጀት ታዘጋጃለች፤ ተጠሪነቷ ለዲስትሪክቱ ነው።

የደንበኞች አገልግሎት ተቆጣጣሪ፣ ከመጋቢት 2013 እስከ ጥር 2016
የ5 የመስኮት ሠራተኞችን ሥራ ትቆጣጠርና የሥራ አፈጻጸማቸውን ትሞላ ነበር። እነሱ የመዘገቡትን ክፍያ ታጸድቃለች። ከካዝናው ሁለት ቁልፍ አንዱን ትይዝ ነበር። ከሐምሌ 2015 እስከ ጥር 2016 በውክልና ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ።

የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር፣ ከጥር 2008፤ ሲኒየር፣ ከጥቅምት 2011 እስከ የካቲት 2013
የመስኮት አገልግሎት። በሲኒየርነት አዲስ ገቢዎችን ታሠለጥን ነበር።

ጀማሪ ሠራተኛ፣ ከኅዳር 2007 እስከ ታኅሣሥ 2008

16ቱ ተግባራት ወዴት ሄዱ ብትሉ፣ አብዛኞቹ ወጡ። ገንዘብ መቀበልና መክፈልን የባንክ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። በየወንበሩ ሥር ያስቀረነው ከታችኛው ወንበር ላይ ያልነበረውን፣ አዲስ የተጨመረውን ነገር ብቻ ነው። በየደረጃው «በዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ትናንት የማትችዪውን ምን ማድረግ ቻልሽ?» እያልኩ ጠየቅኋት። በመጀመሪያ «ኃላፊነቴ ጨመረ» አለችኝ። ምን ኃላፊነት ስላት ዝም አለች። ቆየት ብላ ቁልፉን አስታወሰች። የካዝናው በር በአንድ ሰው አይከፈትም፤ ሁለት ሰው ሁለት ቁልፍ ይዞ አብሮ ይቆማል። ተቆጣጣሪ ስትሆን አንደኛው ቁልፍ በፊርማ ተረከበች። ከዚያ ቀን በፊት መስኮት ላይ የምትመዘግበውን ክፍያ ሌላ ሰው ያጸድቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምታጸድቀው እሷ ሆነች። ለባንክ ሰው «ኃላፊነቴ ጨመረ» ከሚለው ይልቅ ቁልፉና ማጽደቁ እድገቷን በግልጽ ይነግሩታል።

እስከ ስንት ብር ማጽደቅ እንደምትችል ግን እንዳትጽፍ አልኳት። ያ የባንኩ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ባንክም ቢሆን የዛሬ አሠሪዋን ምስጢር ወረቀት ላይ የምታወጣን ሰው በጥሩ ዓይን አያያትም። የሠራተኞቹ ቁጥርና ተጠሪነቷ በቂ ነው።

ኦፊሰርነቱና ሲኒየርነቱ በአንድ ላይ የተቀመጡትም በምክንያት ነው። ሥራው ያው የመስኮት ሥራ ነው፤ ለየብቻ ብንጽፋቸው የአንዱን ዝርዝር ለሌላው ከመድገም ውጪ የምንለው አልነበረም። ቀኖቹን ግን አላጠፋናቸውም። በሌላ በኩል በ2010 አንድ ጊዜ ከነበረችበት ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ተዛውራ ነበር፤ እሱንም እንደ እድገት ልትቆጥረው ፈልጋ ነበር። ዝውውር ዝውውር ነው። የእርከን ጭማሪም፣ መሥሪያ ቤቱ መዋቅር ሲቀይር የሚመጣ የስያሜ ለውጥም እንዲሁ ነው። ደመወዝ ቢጨምርም መጠሪያ ቢቀየርም፣ ሥራው ካልተቀየረ ብቻውን እድገት አያሰኝም። አንድ ሰው ሦስት የስያሜ ለውጥ እንደ ሦስት እድገት ጽፎ ሲመጣ፣ ለቃለ መጠይቅ ተቀምጦ «በሁለተኛው ላይ ምን ተለወጠ?» ሲባል መልስ ያጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ብዙ የተነጋገርነው በውክልናው ጉዳይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሲለቅ 7 ወር ሙሉ እሷ ናት የመራችው። «ጋሼ፣ ሥራውን ከሐምሌ ጀምሬ እየሠራሁ ከየካቲት ብቻ መጻፍ ይቆጨኛል» አለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን የሥራ አስኪያጅነቷን መነሻ ወደ ሐምሌ ብትስበው ባንኩ ቢጠየቅ የሚመልሰው የካቲት ነው። ስለዚህ ውክልናውን በተቆጣጣሪነቷ ሥር፣ ተጠባባቂ ተብሎ፣ ከነወሩ አስገባነው። እንዲህ ሲጻፍ ነገሩ እንዲያውም ይጠነክራል፤ 7 ወር ሞክረዋት ቦታውን ሰጧት የሚለውን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

የቀረው ደብዳቤው ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራ ሲለቅም ሆነ ሥራ ላይ እያለ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። አዋጁ በሥራ መሪነት ላይ ያሉትን ስለማይሸፍን እሷ አሁን በዚያ ልትሟገት ላትችል ትችላለች፤ ግን መሟገት አላስፈለጋትም። ማመልከቻዋ ላይ «የሥራ ልምድ ይጻፍልኝ» በማለት ፈንታ «የያዝኳቸው የሥራ መደቦች ከተመደብኩባቸው ቀናት ጋር ተዘርዝረው ይጻፍልኝ» ብላ ጻፈች፣ የእድገት ደብዳቤዎቿንም ቅጂ አያያዘች። የሰው ኃይል ክፍሉ ማኅደሯን አገላብጦ እንዲፈልግ ከተተወ ጉዳዩ ይንጓተታል፤ ወረቀቱ ፊቱ ሲቀመጥለት ግን መገልበጥ ብቻ ይሆናል።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ወጣ። አምስቱ መደቦች ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል። ውክልናው አልተጠቀሰም፤ በባንኩ አሠራር ውክልና መደብ አይደለም አሏት። ስለዚህ በሐምሌ 2015 የተሰጣትን የውክልና ደብዳቤ ቅጂ ከኋላ አያያዘችና ሦስተኛውን ማመልከቻ አስገባች።