የኮንሶሉ የስህተት ኮድ ምን እያለ ነው?

የጨዋታ ኮንሶል ኢንተርኔት ላይ መግባት ሲያቅተው ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ኮድ ያወጣል። አብዛኛው ሰው ኮዱን ትቶ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ችግሩ ራውተሩ ላይ ከሆነ ይህ ይሠራል፤ ካልሆነ ግን አንድ ምሽት በከንቱ ያልፋል። ከኮንሶሉ የተነሣ መልእክት የጨዋታው ሰርቨር ጋ እስኪደርስ በዋይፋዩ፣ በራውተሩና በኢንተርኔት አቅራቢው በኩል ማለፍ አለበት። ኮዱ መልእክቱ ከነዚህ የትኛው ላይ እንደቆመ ይጠቁማል።

ቅርቡ ዋይፋዩ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ NW-31297-2 ከወጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የተሳሳተ የይለፍ ቃል ነው። ኒንቴንዶ ስዊች ሆቴል ውስጥ 2110-3400 ካለ ዋይፋዩ ተገኝቷል፤ የቀረው የሆቴሉን የመግቢያ ገጽ ከፍቶ መመዝገብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የስም ፍለጋ ነው። ኮንሶሉ የሰርቨሩን ስም ያውቃል፤ ለመገናኘት ግን የአይፒ አድራሻውን ከዲኤንኤስ መጠየቅ አለበት። መልስ ካላገኘ ስዊች 2110-3127፣ ኤክስቦክስ ደግሞ 0x80072EE7 ያሳያል። የኤክስቦክሱ ኮድ ሲፈታ ደስ ይላል። የመጨረሻዎቹ አራት ምልክቶች፣ ማለትም 2EE7፣ በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፈ ቁጥር ናቸው፤ ወደ ተራ ቁጥር ሲለወጡ 12007 ይሆናሉ። በዊንዶውስ የስህተት ዝርዝር ውስጥ 12007 ማለት «የሰርቨሩ ስም አልተገኘም» ማለት ነው። በዚሁ መንገድ 0x80072EE2 ሲፈታ 12002 ይሆናል፤ ጥያቄው ተልኮ መልሱ በጊዜው አልመጣም ማለት ነው።

የስም ፍለጋው ስህተት ሲመጣ ስልኩን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ፣ የሞባይል ዳታውን ዘግቶ፣ ከዚህ በፊት ያልተከፈተ ድረ ገጽ መሞከር ነው። ስልኩም ካቃተው ጥፋቱ የራውተሩ ወይም የአቅራቢው ነው። ስልኩ ከከፈተ ግን ኮንሶሉ ውስጥ ድሮ በእጅ የገባ የዲኤንኤስ ቁጥር ሊኖር ይችላል። እሱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ፣ ወይም 1.1.1.1 አልያም 8.8.8.8 ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሰውን በጣም የሚያስቸግረው ግን የስዊቹ 2618-0516 ነው፤ ምክንያቱም ኢንተርኔቱ ደህና ይመስላል። ኢሾፕ ይከፈታል፣ ጨዋታ ይወርዳል፤ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስን ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ሲሞከር ግን ይቋረጣል። ኢሾፕ የሚሠራው ጥሪው ከቤት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ነው። በማሪዮ ካርት ግን የተጫዋቾቹ ኮንሶሎች በቀጥታ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ ከውጭ የሚመጣውም መልእክት ራውተሩን አልፎ መግባት አለበት። ራውተሩ ለማን እንደሚያደርሰው ካላወቀ ይጥለዋል።

ስዊቹ ራሱ ይህን ይለካል። ከሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኢንተርኔት፣ ከዚያ የግንኙነት ሙከራው ሲመረጥ «NAT Type» የሚል መስመር ይወጣል። A ወይም B ከሆነ ጥሩ ነው፤ D ከሆነ ኮዱ ለምን እንደመጣ ታወቀ። ቀጥሎ የራውተሩ ገጽ ተከፍቶ UPnP መብራቱ ይታያል፤ ይህ ኮንሶሉ በሩን ራሱ እንዲያስከፍት ይፈቅድለታል። እዚያው ገጽ ላይ ያለው የውጭ አይፒ አድራሻ በ192.168 ከጀመረ ከፊቱ ሌላ ራውተር አለ፤ ከሁለቱ አንዱን ወደ ብሪጅ መቀየር ያስፈልጋል። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ ደግሞ አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። በሞባይል ኔትወርክ በሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ የሚነካካ ነገር የለም፤ መፍትሔው አቅራቢው ለብቻ የሆነ የውጭ አድራሻ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው።

በWS የሚጀምሩ የፕሌይስቴሽን ኮዶች ባብዛኛው የሚናገሩት ስለ ሶኒ ሰርቨር ወይም ስለ ተጫዋቹ አካውንት ነው። እንዲህ ሲሆን ራውተሩን ከመነካካት በፊት የኩባንያውን የአገልግሎት ሁኔታ ገጽ ከስልክ ማየት ይሻላል። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በሰርጎ ገቦች ጥቃት ምክንያት ተዘግቶ 23 ቀናት ያህል ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚስተካከል ምንም አልነበረም።

አንዳንድ ኮድ ግን ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። 0x80072EE2 ከተጨናነቀ ሰርቨርም ከደካማ ዋይፋይም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ኮንሶሉን በኔትወርክ ኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ መሞከር ነው። ኮዱ ከጠፋ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነበር፤ በኬብሉም ከተመለሰ ምክንያቱ ከራውተሩ ጀምሮ ወደ ውጭ ይፈለጋል።